ቅማንትነይን ቀርጾ ለማስቀመጥ የቀረበ የድጋፍ ማመልከቻ፦ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ የቅማንት ሕዝብ ቋንቋ የሆነውን ቅማንትነይን በድምፅና በምስል ቀርጾ ለማስቀመጥ ስለቀረበ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ነው። የሚመረምረው ሙሉውን ማመልከቻ ሳይሆን የፊተኛውን አንድ ገጽ፣ ማለትም ማጠቃለያውን ነው። አመልካቾቹ ሁለት የቋንቋ ባለሙያዎችና የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አንድ አስተባባሪ ነበሩ። የሰዎቹ፣ የመንደሮቹና የገንዘብ ሰጪው ስም አልተጠቀሰም። ድጋፉ ከ10,000 ዩሮ የማይበልጥ፣ የሥራው ጊዜም ከ12 ወር የማያልፍ ነበር። ማመልከቻው በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ሆኖ በሁለተኛው ዙር አለፈ። ሁለቱን ማጠቃለያዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚያየው ለውጥ የአጻጻፍ ብቻ አይደለም፤ የሥራው መለኪያ ራሱ ተለውጧል። የመጀመሪያው የሚቆጥረው የቀረጻ ሰዓት ነበር፤ ሁለተኛው የሚቆጥረው ሽማግሌዎቹ ለሥራው የሚቀመጡበትን ጥዋት ነው።

ቋንቋውና ተናጋሪዎቹ

ቅማንትነይ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ኽምጣንጋ፣ አውኚና ብሌን ዘመዶቹ ናቸው፤ በቋራ አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ይናገሩት የነበረው አገውኛ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይቀርበዋል። የሚነገረው በጎንደር ዙሪያ፣ በተለይ በጭልጋና በላይ አርማጭሆ በኩል ነው። ማኅበረሰቡ ዛሬ አፉን የሚፈታው በአማርኛ ነው። ቋንቋው የቀረው በዕድሜ በገፉ ሰዎች አፍ፣ በጸሎትና በምርቃት ውስጥ ነው።

ስለ ቋንቋው ምንም አልተጻፈም ማለት ስሕተት ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር በ1912 እ.ኤ.አ. መግለጫ አሳትሞለታል፤ ዘለዓለም ልየውም በ2003 እ.ኤ.አ. ሰዋስውንና ቋንቋው በአማርኛ የተተካበትን ሂደት አንድ ላይ አጥንቷል። ቡድኑ ያለውን ሁሉ ሲዘረዝር ሰዋስው፣ የቃላት ዝርዝርና አጫጭር ጽሑፎች አገኘ። ያላገኘው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው እንደወትሮው ሲጨዋወቱ የሚያሳይ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠና የተተረጎመ፣ ማንም ከፍቶ ሊያዳምጠው የሚችል ቀረጻ ነው። የማመልከቻው እውነተኛ ክፍተት ይህ ነበር። በመጀመሪያው ማጠቃለያ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

የመጀመሪያው ማጠቃለያና የወደቀበት ምክንያት

የመጀመሪያው ማጠቃለያ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «በዓለም ላይ በርካታ ቋንቋዎች በመጥፋት ላይ ይገኛሉ። ቋንቋ የሕዝብ ማንነት መገለጫ እንደመሆኑ መጠን መጠበቅ ይኖርበታል።» የቅማንትነይ ስም የመጣው በአምስተኛው መስመር ነው። ቀጥሎ ሥራው 100 ሰዓት ቀረጻ፣ የሙሉው ቀረጻ ግልባጭና ትርጉም፣ አንድ መዝገበ ቃላትና አንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ እንደሚያስገኝ ቃል ገባ። በእስራኤል የሚኖሩ የቤተ እስራኤል አረጋውያንንም እንደሚያካትት ተጨመረ። ይህ ሁሉ በ12 ወር፣ በ10,000 ዩሮ።

የገምጋሚዎቹ አስተያየት አጭርና ትክክል ነበር። ተናጋሪዎቹ ስንት ናቸው? ቁጥሩ ከየት መጣ? ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው ማነው? ግማሽ ያህሉ በጀት ለካሜራና ለኮምፒውተር የሆነው ለምንድነው? እስራኤል የገባችው በየትኛው ገንዘብ ነው?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የተናጋሪው ቁጥር ነው። ማጠቃለያው የጠቀሰው የ1987 ዓ.ም.ን የሕዝብ ቆጠራ ነበር። በዚያ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሰው ከ170 ሺህ በላይ ሲሆን ቅማንትነይን የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ያለው ግን ከ1,700 ያነሰ ነው። ቁጥሩ የአንድ ትውልድ ዕድሜ አስቆጥሯል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቅማንት ለብቻው ስላልተመዘገበ የሚያድሰው ቁጥር የለም። ያን ጊዜ የስድሳ ዓመት ሰው የነበረ ዛሬ በሕይወት ካለ ዕድሜው ዘጠና ገደማ ነው። አንድ ገምጋሚ ይህን በሁለት መስመር አስቀምጦ፣ ቡድኑ ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ጠየቀ። በሐቅ ለመመለስ መንደር ለመንደር ከመዞር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም።

የሙከራ ጉዞው

ቡድኑ በራሱ ወጪ ሦስት መንደሮችን ዞረ። በየመንደሩ «ቋንቋውን ማን ይችላል?» ብሎ ጠይቆ 41 ስሞች መዘገበ። በዝርዝሩ ብቻ ቢያቆም ኖሮ ያው የቆጠራው ስሕተት ይደገም ነበር። ሰው «ይችላል» የሚባለው በሦስት የተለያየ ምክንያት ነው፦ ስለሚናገር፣ ስለሚሰማ ወይም ጸሎቱን በቃሉ ስለያዘ።

ለመለየት ቀላል መንገድ ተመረጠ። ሁሉም ቋንቋውን አቀላጥፈው እንደሚናገሩ የመሰከሩላቸው ሁለት እናት ከተጠቆሙት ሰዎች ጋር አንድ በአንድ አሥር አሥር ደቂቃ እንዲጫወቱ ተደረገ። ርእሱ ተራ ነገር ነበር፦ የዘንድሮ ዝናብ፣ የጠፋ በሬ፣ የልጅ ሠርግ። ባለሙያዎቹ ከክፍሉ ወጡ፤ እነሱ ካሉ ጨዋታው ወደ አማርኛ እንደሚዞር በመጀመሪያው ቀን ታይቷልና። ከ41ዱ ዘጠኙ አሥር ደቂቃውን ሳይቸገሩ አወሩ። 14ቱ የሚባለውን ሁሉ እየሰሙ መልሱን በአማርኛ ወይም በተሰባበረ ቅማንትነይ ሰጡ። የቀሩት 18 ሰላምታ፣ ቁጥርና ጸሎት ብቻ ነበራቸው። ከዘጠኙ ከስልሳ ዓመት በታች የሆነ አልነበረም።

ከዚህ ሙከራ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ተገኙ። አንደኛው፣ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ለብቻው ተቀምጦ ሲጠየቅ ቋንቋው ይጠፋበታል። ከዘጠኙ አንድ አባት በማይክሮፎን ፊት ለብቻቸው ሲቀመጡ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል አማርኛ እየገባባቸው ተቸገሩ። በማግስቱ ከአብሮ አደጋቸው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለሩብ ሰዓት ያህል ተንተባተቡና ከዚያ በኋላ ተፈታላቸው። ሁለቱ ሰዎች የሚኖሩት በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ተራርቀው ነው፤ በቋንቋቸው ካወጉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ስለዚህ ቀረጻው ጥንድ ተናጋሪዎችን ይፈልጋል፤ ጥንድ ማለት ደግሞ አንዱን ወደ ሌላው የሚያደርስ ትራንስፖርት ማለት ነው። ይህ ወጪ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ አልነበረም።

ሁለተኛው፣ 14ቱ ከፊል ተናጋሪዎች የሚናቁ አልነበሩም። ታሪክ አይተርኩም፤ የተቀረጸውን ግን ቃል በቃል ሰምተው በአማርኛ ይመልሱታል። ከመካከላቸው አራቱ ማንበብና መጻፍ ይችሉ ነበር። «የሚገለብጠው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እነሱ ሆኑ።

የፋይሎቹ ስም

በሙከራው ጊዜ የሆነች አንዲት ነገር ትንሽ ብትመስልም ሁለት ሳምንት በልታለች። የመቅጃው መሣሪያ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይመዘግባል፤ ማስታወሻ ደብተሩን የያዘው አስተባባሪ ግን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል። ጥር 5 ቀን 2015 የተቀዳው ጨዋታ በአንዱ ኮምፒውተር `ahg-20230113-02.wav`፣ በሌላው `ahg-20150505-02.wav` ተባለ። ሁለተኛውን ስም በኋላ ያየ ባለሙያ ቀረጻው የግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. መሰለውና ከሌላ ጥናት የመጣ ነው ብሎ ለየው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «ሦስት ሰዓት» ጥዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ከደብተሩ አይታወቅም ነበር።

መፍትሔው ይህ ነበር፦ የፋይል ስም ሁልጊዜ በመሣሪያው አቆጣጠር ይሆናል፤ የእኛ ቀን በመረጃ ሠንጠረዡ ውስጥ ለብቻው አምድ ይሰጠዋል፤ በየቀረጻው መጀመሪያ ላይም ሰውየው፣ ቦታውና ቀኑ በድምፅ ይነገራል። `ahg` የቅማንትነይ ዓለም አቀፍ የቋንቋ መለያ ነው። ይህ አሠራር በማመልከቻው ውስጥ አንድ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወሰደ። ገምጋሚው ግን ሰዎቹ ሜዳ ላይ ቆመው ያሰቡ መሆናቸውን ከእንደዚህ ያለ ነገር ይረዳል።

ሰዓቱ ወደ ጥዋት ሲመነዘር

ከሙከራው ቀረጻ አንድ የስድስት ደቂቃ ጨዋታ ተመርጦ ወደ ጽሑፍ ተገለበጠ፣ በአማርኛም ተተረጎመ። አራት ሰዓት ፈጀ። ለአንድ ደቂቃ ቀረጻ አርባ ደቂቃ ሥራ ማለት ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሚገርመው ብዙ ማመልከቻ ሳይለካ መጻፉ ነው። የመጀመሪያው ማጠቃለያ ቃል የገባው 100 ሰዓት በዚህ ሒሳብ 4,000 የሥራ ሰዓት ይሆናል።

ችግሩ ግን የገልባጩ ሰዓት ብቻ አልነበረም። ከአራቱ ሰዓት ሁለቱን አቀላጣፊ ተናጋሪ አጠገብ መቀመጥ ነበረበት፤ ያልተሰማውን ቃል እንዲደግም፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ የተናገረውን እንዲለይ። አንድ የሰባ አምስት ዓመት ሰው በአንድ ጥዋት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ይደክማል፣ ትኩረቱ ይቀንሳል፣ የቤት ሥራም አለበት። ለ100 ሰዓት ቀረጻ የሚያስፈልገው 2,000 የሽማግሌ ሰዓት ለሁለት ተኩል ሲካፈል 800 ጥዋት ይሆናል። ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ባሉበት፣ እርሻ፣ ጾም፣ በዓልና ሕመም ባሉበት ዓመት ውስጥ 800 ጥዋት የለም።

ስለዚህ ሒሳቡ ከኋላ ወደፊት ተሠራ። መጀመሪያ ያለው ጥዋት ተቆጠረ፦ ከኅዳር እስከ ግንቦት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በሁለት ቦታ። በዓሉና የሚጓደለው ቀን ሲቀነስ አንድ መቶ ያህል ጥዋት በእርግጠኝነት ይገኛል። ያ መቶ ጥዋት እንዲህ ተደለደለ። 24 ሰዓት ቀረጻ፣ በጥዋት አንድ ሰዓት ሁነኛ ቀረጻ ብሎ፣ 24 ጥዋት። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ሰዓት ለመገልበጥና ለመተርጎም 48 ጥዋት። ሌላ 12 ሰዓት ቀረጻ ወደ ጽሑፍ አይገለበጥም፤ አንድ ተናጋሪ ቀረጻውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየሰማ ቀስ ብሎ ይደግመዋል፣ ከፊል ተናጋሪው በአማርኛ ይተረጉመዋል፣ ሁለቱም በድምፅ ይቀዳሉ። ይህ ለአንድ ሰዓት ቀረጻ አምስት ሰዓት ስለሚበቃው 24 ጥዋት። የቀረው ስድስት ሰዓት ርእሱና ተናጋሪው ተመዝግቦ እንዳለ ይቀመጣል። ድምሩ 96 ጥዋት።

ቀስ ብሎ መድገሙ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ነገር ይታያል። ጥርሳቸው ያለቀ ሰዎች ሲፈጥኑ አንዳንድ ተነባቢ አይለይም። ቅማንትነይ ደግሞ አማርኛ የሌለው በአፍንጫ የሚወጣ የትናጋ ድምፅ አለው፤ ቡድኑ ለእሱ በአውኚና በብሌን ጽሑፍ የተለመደውን ጘ መረጠ። በፈጣን ጨዋታ ይህን ድምፅ ከ«ን» ወይም ከ«ግ» መለየት ለአማርኛ ጆሮ ከባድ ነው። በደገሙት ቀረጻ ላይ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ አንድም ተናጋሪ ባያገኝ ሥራውን ከዚያ መጀመር ይችላል።

በጀቱ

የመጀመሪያው በጀት 4,600 ዩሮ ለመሣሪያ መድቦ ነበር። የሚበዛው ለውድ ካሜራ ነው። ለሽማግሌዎቹ «መስተንግዶ» በሚል 400 ዩሮ ብቻ ተቀምጧል። አንድ ገምጋሚ በዚህ መስመር ላይ ምልክት አድርጎበት ነበር፤ ባያደርግም ኖሮ አሳፋሪ መስመር ነው። የሥራው ዋና ባለሙያዎች እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ባለሙያ ደግሞ የሚከፈለው አበል እንጂ ሻይ አይደለም።

ሁለተኛው በጀት ከጥዋቶቹ ተነሣ። በቀረጻው 24 ጥዋት ሁለት ሁለት ሰው ስለሚቀመጥ የሰው ጥዋቱ 48 ነው፤ ሌላው 72 ሲጨመር 120 ይሆናል። በ15 ዩሮ ሲባዛ 1,800 ዩሮ። ለሁለት ገልባጮች፣ በወር 150 ዩሮ ለአሥር ወር፣ 3,000። ለጉዞና ጥንዶቹን ለማገናኘት 2,500። ለመሣሪያ 1,700፣ ለዲስኮችና ለማኅበረሰቡ ቅጂ 500፣ ለመጠባበቂያ 500። ድምሩ 10,000።

መሣሪያው አነሰ ማለት ጥራቱ ወረደ ማለት አይደለም። አንድ መቅጃ፣ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠሉ ሁለት ማይክሮፎኖች፣ መካከለኛ ካሜራ፣ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ተያዙ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማይክሮፎን በሙከራው ጊዜ የዶሮውን፣ የነፋሱንና የሙቀጫውን ድምፅ ከሰውየው ድምፅ እኩል አንሥቶ ነበር። አፍ አጠገብ የሚቆመው ግን ያንን ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅም በየራሱ መስመር ስለሚቀዳ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲናገር ገልባጩ መለየት ይችላል። ድምፁ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ ሳይጨመቅ ሲቀዳ ሰዓቱ ከአንድ ጊጋባይት ትንሽ ያልፋል። ሃያ አራቱ ሰዓት ከነምስሉ ባለ አንድ ቴራባይት ዲስክ ውስጥ በሰፊው ይገባል፤ ሁለት ዲስክ ያስፈለገው በሁለት የተለያየ ቤት እንዲቀመጥ ነው።

ፈቃድና የሚከለከለው ነገር

የሁለተኛው ማጠቃለያ ረቂቅ በአማርኛ ተጽፎ፣ ወደ እንግሊዝኛ ከመዞሩ በፊት በአንድ መንደር ለተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ተነበበላቸው። አንዲት እናት አዳምጠው ሲያበቁ «ልጆቼ፣ እናንተ ስትሄዱ ድምፃችን የት ይቀመጣል?» አሉ። በረቂቁ ውስጥ ያለው መልስ በውጭ አገር የሚገኝ የዲጂታል ቤተ መዛግብት ነበር። ለእሳቸው መልስ አልሆነም። ከዚያ ውይይት የመጣው ሐሳብ በማጠቃለያው ላይ በአጭሩ ገባ፦ የእያንዳንዱ ተናጋሪ ቀረጻ በስልክ በሚከፈት ካርድ ለራሱና ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ ሙሉው ስብስብ በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲም ይቀመጣል።

ሌላው የጸሎት ጉዳይ ነው። በሕገ ልቦና፣ ማለትም በቅማንት ነባር እምነት፣ ሥርዓት ወምበር የሚባሉት የሃይማኖት መሪ የሚመሩት ጸሎት የቋንቋው ጥንታዊ አነጋገር የተጠበቀበት ስለሆነ ለባለሙያ እጅግ ያጓጓል። የመጀመሪያው ማጠቃለያ «ሃይማኖታዊ ሥርዓቶች ይቀረጻሉ» ብሎ በደፈናው ጽፎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ሦስት ዓይነት ለዩ፦ ማንም ቢሰማው የማይከፋ ምርቃት፣ ለማኅበረሰቡ ብቻ የሚሆን ጸሎትና ከናካቴው የማይቀዳ። ቤተ መዛግብቱ ቀረጻን ለሁሉ ክፍት፣ በጥያቄ ብቻ የሚከፈት ብሎ መለየት ስለሚፈቅድ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን አገኙ። ሦስተኛው ከሥራው ወጣ። ፈቃዱ በወረቀት ፊርማ ሳይሆን በድምፅ ተቀዳ፤ ማንኛውም ሰው በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ቀረጻው እንዲዘጋለት መጠየቅ እንደሚችልም ተነገረው።

የቅማንት የማንነት ጥያቄ በአካባቢው ደም ያፋሰሰ ጉዳይ እንደመሆኑ ሁለተኛው ማጠቃለያ ስለ አስተዳደርና ስለ ወሰን አንድም ቃል አልጻፈም። የመንደር ስም ከሕዝብ ክፍት መረጃው ወጣ። ፖለቲካ የተነሣበት ጨዋታ በተናጋሪዎቹ ምርጫ እንዲዘጋ ተወሰነ።

ሁለተኛው ማጠቃለያ

ያለፈው ማጠቃለያ በአማርኛ ረቂቁ ይህን ይመስላል፦

«ቅማንትነይ በጎንደር ዙሪያ የሚነገር የአገው ቋንቋ ነው። በሦስት መንደሮች ባደረግነው ማጣራት ተናጋሪ ናቸው ተብለው ከተጠቆሙ 41 ሰዎች መካከል አቀላጥፈው የሚናገሩት ዘጠኝ፣ ሁሉም ከስልሳ ዓመት በላይ ናቸው። የቋንቋው ሰዋስውና ቃላት ተጠንተዋል፤ የተገለበጠና የተተረጎመ የዕለት ተዕለት ጨዋታ ቀረጻ ግን አላገኘንም። በ12 ወር ውስጥ በጥንድ የተቀመጡ ተናጋሪዎችን ጨዋታ፣ ትረካና ምርቃት 24 ሰዓት እንቀርጻለን። ስድስቱ ሰዓት በግዕዝ ፊደል ተገልብጦ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፤ ከዚህ ውስጥ አንዱ ሰዓት በየምዕላዱ፣ ማለትም ትርጉም ባለው በየትንሹ የቃል ክፍል፣ ይፈታል። 12 ሰዓት በዝግታ ተደግሞ በቃል ይተረጎማል። ቋንቋውን የሚሰሙ ሁለት የአካባቢው ሰዎች በገልባጭነት ሠልጥነው ይሠራሉ። ዕቅዱ የተሠራው በ96 የሥራ ጥዋት ነው፤ የሙከራ ልኬታችን ለአንድ ደቂቃ ቀረጻ 40 ደቂቃ ነው። መንገድ ቢዘጋ ተናጋሪዎቹ ከፈቀዱ ሥራው ወደ ከተማ ይዞራል፤ ያም ካልሆነ ቀረጻው ቆሞ በእጅ ያለው ይገለበጣል። ቀረጻው በዲጂታል ቤተ መዛግብትና በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጣል፤ ለየተናጋሪውም ቅጂ ይሰጣል። ለማኅበረሰቡ ብቻ የሆነ ጸሎት በጥያቄ ብቻ ይከፈታል፤ የተከለከለው አይቀዳም።»

መዝገበ ቃላት የለም፣ መማሪያ መጽሐፍ የለም፣ እስራኤል የለችም። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው በማመልከቻው ውስጥ ገጹን ያገኛል።

በሥራው ላይ የሠራውና ያልሠራው

በደንብ የሠራው የጥንድ አቀማመጡ ነው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥዋት ላይ አማርኛው እየሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት የተቀዳውን ለናሙና ብቻ መያዝ ይሻላል። ከፊል ተናጋሪዎቹም ከታሰበው በላይ ጠቀሙ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የአንዱ ገልባጭ ፍጥነት ከአርባ ወደ ሠላሳ ደቂቃ ወረደ።

ያልሠራው ክፍያው ነው። በመጀመሪያ ክፍያው በተቀዳ ሰዓት ነበር። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ታየ፦ ትረካው ረዘመ፣ ረዝሞም በአማርኛ ተሞላ። የሰዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ውሉ ለርዝመት ነበር የሚከፍለው። ወደ በጀቱ ሐሳብ፣ ማለትም በጥዋት ወደ መክፈል ሲመለስ፣ ቀረጻው አጠረ፣ ቋንቋው ጠራ። ደክሟቸው በግማሽ ሰዓት ለሚነሡም ሙሉው ተከፈላቸው።

መንገዱ በአምስተኛው ወር ተዘጋ። ዕቅዱ ወደ ከተማ መዞርን ቢያስብም ሽማግሌዎችን ከመንደር ማንሣት አደገኛ ስለነበር ቀረጻው ቆሞ ግልበጣው ብቻ ቀጠለ። ለዚህም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የተቀዳው 15 ሰዓት በቂ ሥራ ሆነ። ከዘጠኙ አንዱ አባት በዚያ መሃል አረፉ። ብዙ ምርቃት የሚያውቁ ስለነበሩ ቀረጻቸው «ሲሞቅ ይሻላል» ተብሎ ወደ ሚያዝያ ተላልፎ ነበር። የተረፈው የሙከራው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

ሥራው ሲዘጋ 21 ሰዓት ተቀርጾ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ተገልብጦ ተተርጉሟል፣ 12ቱ የቃል ትርጉም ሞልቷል።

ለሌላ ቋንቋ የሚተርፈው

ተናጋሪዎቹ ጥቂትና አረጋውያን ለሆኑበት ማንኛውም ማመልከቻ ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ ነገር አለ። ማጠቃለያው መጨረሻ ላይ ቢጻፍም ቁጥሮቹ መጀመሪያ መለካት አለባቸው፤ ስድስት ደቂቃ ገልብጦ ማየት አንድ ቀን አይፈጅም፣ የዓመቱን ዕቅድ ግን ይለውጣል። የተናጋሪ ቁጥር ከቆጠራ ሳይሆን ከጨዋታ ይወሰድ፤ አቀላጣፊው፣ የሚሰማውና ጸሎቱን የያዘው ተለይተው ይጻፉ፣ ምክንያቱም በሥራው ላይ የሚኖራቸው ድርሻ ይለያያል። ቃል የሚገባው ቀረጻ ከሽማግሌዎቹ ጥዋት ይቆጠር እንጂ ከባለሙያው ምኞት አይሁን።

የቀረጻው ተራ ደግሞ በዕድሜና በጤና ይወሰን፣ በርእስ ወይም በወቅት አይሁን። በዚህ ሥራ ተራው የተደረደረው መጀመሪያ ጨዋታ፣ ከዚያ ትረካ፣ በመጨረሻ ምርቃት ተብሎ ነበር፤ ለባለሙያው አመቺ ነው። ቡድኑ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ የመጀመሪያ አምዱ የተናጋሪው ዕድሜ ነው፤ የሚቀዳው ነገር ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል።